የፏፏቴ ዘዴና የአጃይል ዘዴ፤ የትኛው ለየትኛው ሥራ ይስማማል?

አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እስከ ፍጻሜው ድረስ በዝርዝር መታቀድ አለበትን? ወይስ ጥቂቱን ሠርቶ፣ ለተጠቃሚው አሳይቶ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለውን መወሰን ይሻላል? ይህ ጥያቄ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ከሃምሳ ዓመታት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው። የመጀመሪያው አሠራር የፏፏቴ ዘዴ ወይም ዋተርፎል ይባላል። ሁለተኛው አጃይል ይባላል፤ ትርጉሙም ቀልጣፋ፣ ለመታጠፍ የማያስቸግር ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ዘዴዎች ካስረዳ በኋላ፣ በእውነት በተፈጸመ አንድ ሥራ ላይ ምን እንዳስከተሉ ማሳየትና አንድ የሥራ ዐይነት ለየትኛው እንደሚስማማ የሚለይባቸውን ጥያቄዎች ማቅረብ ነው።

፩. የፏፏቴ ዘዴ

በዚህ ዘዴ ሥራው በተከታታይ ደረጃዎች ይከፈላል። በመጀመሪያ ተጠቃሚው የሚፈልገው ሁሉ ይጠየቅና በጽሑፍ ይሰፍራል። ቀጥሎ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚዋቀር ይነደፋል። ከዚያ ይጻፋል፤ ተጽፎ ሲያልቅ ይፈተሻል፤ በመጨረሻም ለተጠቃሚው ይሰጣል፣ ጥገናም ይከተላል። አንዱ ደረጃ ተፈርሞ ሳይዘጋ የሚቀጥለው አይከፈትም። ውኃ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወርድ ወደ ላይ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ሥራውም ወደ ኋላ እንዲመለስ አይጠበቅም። ስያሜው የመጣው ከዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ የዚህ ዘዴ ፈጣሪ ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ትላልቅ ፕሮግራሞች አሠራር የጻፈው አሜሪካዊው ዊንስተን ሮይስ ነው። ነገር ግን ጽሑፉን ያነበበ ሰው የሚያገኘው ከተለመደው አባባል የተለየ ነው። ሮይስ ደረጃዎቹን በሥዕል ካሳየ በኋላ፣ በዚሁ መልክ ብቻ መሥራት አደገኛ መሆኑን ገልጿል። ምክንያቱም የፕሮግራሙ ፍጥነትም ሆነ የሚይዘው ቦታ በተግባር የሚታየው ወደ መጨረሻው በሚገኘው የፍተሻ ደረጃ ነው። እዚያ ከባድ ጉድለት ከተገኘ ንድፉ እንደገና ይሠራል፤ ጊዜውም ወጪውም እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሮይስ ንድፉ አስቀድሞ በትንሹ ተሠርቶ እንዲሞከርና ተጠቃሚው ከመጀመሪያ አንሥቶ በሥራው እንዲሳተፍ መክሯል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ግን ሥዕሉን ወስደው ምክሩን ተዉት።

ይህ ሲባል ዘዴው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዋጋው፣ ጊዜውና የሥራው መጠን ከመነሻው ይታወቃሉ፤ ውል ለመዋዋልና ለመቆጣጠር ያመቻል፤ ሠራተኛ ቢለወጥ እንኳ ሰነዱ ይኖራል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ተጠቃሚው ምን እንደሚፈልግ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በትክክል ያውቃል፣ ፍላጎቱም አይለወጥም የሚል ነው።

፪. የአጃይል ዘዴ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 አሥራ ሰባት የፕሮግራም ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ክፍለ ግዛት፣ ስኖውበርድ በተባለ ስፍራ ተሰብስበው አጭር የጋራ መግለጫ አወጡ። አጃይል የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ተለመደ፤ አሠራሩ ግን ከዚያ በፊትም ነበረ። የመግለጫው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ከአሠራር ደንብና ከመሣሪያ ይልቅ ለሰዎችና ለመግባባታቸው፣ ከሰነድ ብዛት ይልቅ ለሚሠራ ፕሮግራም፣ ከውል ክርክር ይልቅ ከደንበኛው ጋር አብሮ ለመሥራት፣ ዕቅድን አጥብቆ ከመያዝ ይልቅ ለውጥን ተቀብሎ ለማስተናገድ ቅድሚያ ይሰጥ የሚል ነው። ሰነድ አይጻፍ፣ ዕቅድ አይውጣ የሚል ቃል ግን በመግለጫው ውስጥ የለም።

በተግባር እጅግ የተለመደው የአጃይል ዐይነት ስክረም ይባላል። የሚፈለገው ሁሉ በአንድ የሥራ ዝርዝር ላይ ይጻፋል፤ ለተጠቃሚው ይበልጥ የሚጠቅመው ከላይ ይቀመጣል። ሥራው በአጫጭር ዙሮች ይከፈላል፤ አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሲሆን ከአንድ ወር አይበልጥም። በዙሩ መጀመሪያ ቡድኑ ከዝርዝሩ አናት ሊጨርሰው የሚችለውን ያህል ይወስዳል። በየቀኑ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ተገናኝቶ ሥራው የት እንደ ደረሰና ምን እንዳገደው ይነጋገራል። በዙሩ መጨረሻ የሚሠራ ነገር ለተጠቃሚው ይታያል። ተጠቃሚው ካየው ተነሥቶ የሥራው ዝርዝር ይታረማል።

እዚህ ላይ ‹‹ተጠናቀቀ›› የሚለው ቃል ጥብቅ ትርጉም እንዳለው ማስተዋል ያሻል። አንድ ሥራ ተጠናቀቀ የሚባለው ተጽፎ፣ ተፈትሾ፣ ተጠቃሚው ሊሠራበት በሚችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ‹‹ዘጠና በመቶ ደርሷል›› የተባለ ሥራ በቆጠራው ውስጥ አይገባም።

እንግዲህ የሁለቱ ዘዴዎች ዋና ልዩነት የመታቀድና ያለመታቀድ ጉዳይ አይደለም። ልዩነቱ ስሕተት መቼ ይታወቃል በሚለው ላይ ነው። በፏፏቴው ዘዴ ተጠቃሚው የተሠራውን የሚያየው በመጨረሻ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የተፈጠረ አለመግባባት የሚገለጠው ከብዙ ወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በአጃይል ዘዴ ያው አለመግባባት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገለጣል።

፫. በተግባር የታየ ምሳሌ

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ማለትም ኤፍ.ቢ.አይ. ያሠራው የመዝገብ አያያዝ ፕሮግራም ነው። ቢሮው የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው አንድ ሥራ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ያለ ጥቅም ተተወ። በመጋቢት 2006 ደግሞ ሴንቲኔል የተባለ አዲስ ሥራ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ በውል ተሰጠ። ሥራው በአራት ምዕራፍ ተከፍሎ፣ በ425 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2009 መጨረሻ እንዲያልቅ ታቀደ። በጀቱ ኋላ ወደ 451 ሚሊዮን ከፍ አለ።

አሠራሩ በመሠረቱ የፏፏቴው ዘዴ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2007 ተረከበ፤ በሁለተኛው ላይ ግን ችግሩ በረታ። በነሐሴ 2010 ከ451 ሚሊዮኑ 405 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶ ሳለ የተረከቡት ምዕራፎች ከአራቱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ወደ ኮምፒዩተር ሊዛወሩ ከታሰቡት 18 ቅጾች የተዘጋጁት 4 ሲሆኑ፣ መርማሪዎቹ እነዚህንም ለፊርማ በወረቀት ማተም ነበረባቸው። በአሠራሩ ከተቀጠለ ቀሪውን ለመጨረስ ተጨማሪ 351 ሚሊዮን ዶላርና ስድስት ዓመት እንደሚያስፈልግ ገለልተኛ ባለሙያዎች ገመቱ።

በዚህ ጊዜ ቢሮው ሥራውን ከኩባንያው እጅ ወስዶ ራሱ መምራት ጀመረ። ሠራተኛውን በእጅጉ ቀነሰ፤ ቀሪውን ፍላጎት በትናንሽ ሥራዎች ከፋፍሎ በዝርዝር አስቀመጠ፤ በሁለት ሳምንት ዙርም መሥራት ያዘ። በየዙሩ መጨረሻ የተሠራው ለተጠቃሚዎች ይታይ ነበር። ፕሮግራሙ ሐምሌ 1 ቀን 2012 ለመላው ቢሮ በሥራ ላይ ዋለ፤ ወጪውም ከ451 ሚሊዮኑ አላለፈም።

ይሁንና ታሪኩን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። አጃይል ከተጀመረ በኋላ የተቆረጠው የመጨረሻ ቀን መስከረም 2011 ነበር፤ ይህም አልተጠበቀም። በጥቅምት 2011 በርካታ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ እንዲሠሩበት በተደረገ ሙከራ ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ቆመ። ምክንያቱ ቀደም ሲል የተገዙት ኮምፒዩተሮች ዐቅም ማነስ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያ መርጦ፣ ገዝቶና ተክሎ ለመጨረስ የሁለት ሳምንት ዙር አይበቃም፤ አስቀድሞ መታቀድ ያለበት ነገር ነው። ከዚህም ሌላ በ2010 የተለወጠው ዘዴው ብቻ አይደለም፤ ሥራውን የሚመሩት ሰዎችም፣ የሠራተኛው ብዛትም ተለውጧል። ስለሆነም ውጤቱን ሁሉ ለአጃይል መስጠት ትክክል አይሆንም። በእርግጥ ሊባል የሚችለው፣ ለአራት ዓመታት ተሸፍኖ የቆየው ጉድለት ሥራው በየሁለት ሳምንቱ መታየት ሲጀምር በግልጽ የሚቆጠርና የሚታረም ሆነ የሚለው ነው።

፬. ለመወሰን የሚረዱ አራት ጥያቄዎች

አንድ ሥራ ሲቀርብልን የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ብንጠይቅ መልሱ ወደ አንዱ ዘዴ ያዘነብላል።

የመጀመሪያው፣ ፍላጎቱ አስቀድሞ በትክክል ይታወቃልን? ከታወቀና ካልተለወጠ ፏፏቴው ይበቃል። ተጠቃሚው ሲያየው እንጂ በቃል ሊገልጸው የማይችል ከሆነ አጃይል ይሻላል።

ሁለተኛው፣ የተሠራውን አፍርሶ መሥራት ምን ያህል ያስወጣል? የፕሮግራም መስመር በጥቂት ሰዓት ይለወጣል፤ የፈሰሰ ሲሚንቶ ግን በመዶሻ ይፈርሳል። ማፍረስ ውድ በሆነበት ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ይረክሳል።

ሦስተኛው፣ ግማሹ ሥራ ብቻውን ይጠቅማልን? የአንድ ክፍል የውጤት መዝገብ የሌሎቹ ሳይሠራ ሊያገለግል ይችላል። ግማሽ ድልድይ ግን ማንንም አያሻግርም።

አራተኛው፣ ተጠቃሚው በየሁለት ሳምንቱ ሊገኝ ይችላልን? የተሠራውን አይቶ የሚናገር ሰው ከሌለ አጃይል ስሙ ብቻ ይቀራል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ትምህርት ቤት አራት መማሪያ ክፍሎች ያሉት ሕንፃ ሊያሠራ ነው እንበል። የክፍሎቹ ብዛትና ስፋት ይታወቃል፤ መሠረቱ ከተጣለ በኋላ መለወጥ ውድ ነው፤ ጣራ የሌለው ክፍል አይማሩበትም። ሦስቱም መልሶች ወደ ፏፏቴው ያመለክታሉ። በኮምፒዩተር ፕሮግራምም ቢሆን እንዲህ ያለ ሥራ አለ። በሰው ደረት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ፕሮግራም ‹‹በሚቀጥለው ዙር ይታረማል›› ተብሎ ለበሽተኛ ሊሰጥ አይችልም፤ እያንዳንዱ ፍላጎትና ፍተሻ በሰነድ ተመዝግቦ መገኘት አለበት።

፭. የሮስተር ፕሮግራም፤ ከነአፈጻጸሙ

አሁን ደግሞ ያው ትምህርት ቤት ሮስተር የሚያወጣ ፕሮግራም ሊያሠራ ነው እንበል። የሥራው ኀላፊ የሒሳብ መምህርና አራት የኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች ናቸው። ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ውጤት ይገባል፣ ይደመራል፣ አማካይ ይወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል። በፏፏቴው ዘዴ ይህን በሁለት ገጽ ጽፎ ማስፈረም ይቻላል። ሁሉም ሰው ይፈርማል፤ ምክንያቱም የጎደለውን የሚያስታውሰው የለም።

በአጃይል ቢሠራ ግን የመጀመሪያው ዙር አንድ ክፍልና አንድ ትምህርት ብቻ ይይዛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጤት የሚያስገባና የሚደምር ነገር ተሠርቶ ለክፍሉ ኀላፊ መምህርት ይታያል እንበል። መምህርቷም ከመዝገባቸው የእውነተኛ ተማሪዎችን ውጤት ማስገባት ሲጀምሩ፣ ‹‹ይህ ልጅ ታምሞ ፈተናውን አልወሰደም፤ ባዶ ልተወው ብል ዜሮ ይጽፍብኛል›› ይላሉ። እዚህ ላይ ያልተፈተነና ዜሮ ያገኘ የተለያዩ መሆናቸው ይታወቃል፤ ይህ በሁለቱ ገጾች ላይ አልነበረም። በሁለተኛው ዙር ደረጃ ሲወጣ ሁለት ተማሪዎች እኩል አማካይ አምጥተው ሁለቱም ሦስተኛ ይሆናሉ። ቀጣዩ ተማሪ አራተኛ ነው ወይስ አምስተኛ? በትምህርት ቤቱ ልማድ አምስተኛ ከሆነ ፕሮግራሙ ይህንኑ ማወቅ አለበት። እነዚህ ጥያቄዎች በፏፏቴው ዘዴ የሚነሡት ሴሚስተሩ አልቆ፣ ካርድ ሊታደል ሁለት ቀን ሲቀር በሆነ ነበር።

አጃይል ጊዜን እንዴት እንደሚያሰላም በዚሁ ምሳሌ እንመልከት። ዝርዝሩ ላይ 40 ትናንሽ ሥራዎች አሉ እንበል። ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር 5፣ በሁለተኛው 6፣ በሦስተኛው 4 ሥራዎች አጠናቀቀ። በድምሩ 15፣ በአማካይ በዙር 5 ማለት ነው። የቀሩት 25 ሥራዎች 5 ዙር ወይም 10 ሳምንት ይፈልጋሉ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ የቀረው ግን 8 ሳምንት ወይም 4 ዙር ነው፤ በዚህ ጊዜ 20 ሥራዎች ይጠናቀቃሉ። እንግዲያው 5 ሥራዎች ከዝርዝሩ ግርጌ መውረድ አለባቸው። የትኞቹ? ይህን የሚወስነው ቡድኑ ሳይሆን ተጠቃሚው ነው። የካርዱን ዳር በቀለም ማስጌጥ ሊቀር ይችላል፤ ደረጃ ማውጣት ግን አይቀርም። በፏፏቴው ዘዴ የሥራው መጠን ቋሚ ሆኖ የሚሸሸው ቀኑ ነው። በአጃይል ቀኑ ቋሚ ሆኖ የሚቀነሰው የሥራው መጠን ነው።

የሁለቱ ቅልቅል የሚያስፈልግበት ሥራም አለ። ትምህርት ቤቱ ለፕሮግራሙ የኮምፒዩተር ክፍል የሚያዘጋጅ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የኮምፒዩተሮቹ ቁጥርና ዐቅም አስቀድሞ ይታቀዳል፤ ፕሮግራሙ ግን በዙር ይሠራል። የሴንቲኔል የ2011 ሙከራ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በተጨማሪም ብዙ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ የሚሠራበት ፕሮግራም ከሆነ የጭነቱ ሙከራ ለመጨረሻ መተው የለበትም፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይደረግ።

፮. ሥራው መበላሸቱን የሚያሳዩ ምልክቶች

ዘዴው ከሥራው ጋር አለመስማማቱ በጊዜ ይታወቃል። በፏፏቴው ዘዴ ዋናው ምልክት ሰነዱ እየበዛ ሄዶ የሚንቀሳቀስ ነገር ማንም አለማየቱ ነው። ሁለተኛው፣ ‹‹ይህ ይለወጥልን›› የሚለው ማመልከቻ መከመሩ ነው። ሦስተኛውና እጅግ አደገኛው፣ የቀደሙት ደረጃዎች ሲዘገዩ የመጨረሻው ቀን ሳይነካ ለፍተሻ የተመደበው ጊዜ መበላቱ ነው። ሁለት ወር የተመደበለት ፍተሻ ወደ ሁለት ሳምንት ከወረደ ጉድለቱን የሚያገኘው ተጠቃሚው ይሆናል።

በአጃይልም ቢሆን ምልክቶች አሉ። በየዙሩ መጨረሻ ‹‹ትንሽ ቀርቶታል›› የሚባል ሥራ ከበዛ የተወሰደው ሥራ ከዐቅም በላይ ነው። በማሳያው ቀን ተጠቃሚው ካልመጣ ቡድኑ የሚሠራው በግምቱ ነው። በአምስተኛው ዙር አንድ ነገር ሲጨመር በሁለተኛው ዙር ይሠራ የነበረው ከተበላሸ ደግሞ የቀድሞው ሥራ በየጊዜው እየተፈተሸ አይደለም ማለት ነው። ዝርዝሩ ከሚጠናቀቀው ይልቅ በፍጥነት እያደገ ከሄደ ‹‹አይሆንም›› የሚል ሰው ጠፍቷል። ሰነድ ሳይጽፍና ዕቅድ ሳያወጣ ‹‹እኛ አጃይል ነን›› የሚል ቡድን ከሁለቱም ዘዴዎች አንዱን አልያዘም።

፯. የመልመጃ ጥያቄዎች

መምህራን ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ ለውይይት ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ።

1. የሚከተሉት ሥራዎች ለየትኛው ዘዴ ይስማማሉ? ሀ) የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ፤ ለ) የቤተ መጻሕፍት መዋሻ ፕሮግራም፤ ሐ) የትምህርት ቤት ዓመታዊ መጽሔት ዝግጅት። ለእያንዳንዱ አራቱን ጥያቄዎች መልሱ፤ መልሶቹ እርስ በርስ ከተጋጩ ሥራውን በሁለት ከፍላችሁ አስረዱ።

2. አንድ ቡድን 60 ሥራዎች አሉት። በአራት ዙር 3፣ 5፣ 4 እና 4 ሥራዎች አጠናቀቀ። አንዱ ዙር ሁለት ሳምንት ከሆነ ቀሪው በስንት ሳምንት ያልቃል? የተሰጠው ጊዜ 16 ሳምንት ብቻ ቢሆን ስንት ሥራ ይወርዳል?

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ፦ የተጠናቀቁት 16፣ በአማካይ በዙር 4 ናቸው። ቀሪዎቹ 44 ሥራዎች 11 ዙር ወይም 22 ሳምንት ይወስዳሉ። በ16 ሳምንት ወይም በ8 ዙር 32 ሥራዎች ይጠናቀቃሉ፤ 12 ሥራዎች ይወርዳሉ።